ድሬ ሙቀት ላይ ስትሮጡ ስንት ውሃ ነው ሚበቃው? ግምቱን ትተን በሚዛን እንለካው

ባለፈው ግንቦት ነው፣ እሁድ ጠዋት ከሳቢያን ተነስተን 21 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ ወጣን። አንዷ አብራን ምትሮጥ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ይሄን ያህል ርቀት ምትሞክረው፣ እየሮጠች እየተራመደች በ3 ሰዓት ጨረሰች። ግን ስትጨርስ ራሴን አመመኝ አለች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ፊቷ ትንሽ ነፋ ብሏል። እና ድሬ ነዋ፣ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ «ውሃ ነው ያነሳት፣ ጠጪ፣ ጠጪ» ይላታል። አንዱ ጭራሽ ሌላ ሃይላንድ ከፍቶ አፏ ላይ ሊደቅንባት ነበር።

እኔ ግን መንገድ ላይ ስትጠጣ ስላየኋት ትንሽ ቅር አለኝ። ቆጠርን፣ ስድስት ባለ ግማሽ ሊትር ጠጥታለች፣ ሶስት ሊትር ማለት ነው። የአንዳችን ቤት ቅርብ ስለነበር ጠዋት ሁላችንም እዛ ተመዝነን ነበር የወጣነው፣ እሷ 52.0 ነበረች። መልሰን ሚዛኑ ላይ ስናወጣት 53.1 አለ። ሶስት ሰዓት ፀሀይ ላይ ሮጣ አንድ ኪሎ ጨምራለች! ሰው ሮጦ አይወፍርም፣ ያ አንድ ኪሎ ሰውነቷ ያላወጣው ውሃ ነው። ሃይላንዱን ተቀብለን አስቀመጥነው፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች፣ ጨው የተነሰነሰበት ድንች ቅቅል ቀስ እያለች በላች፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሽንቷ መጣ፣ ደጋግሞ መጣ፣ ከዛ ጭንቅላቷም ቀለለላት። እድለኛ ነበረች፣ ቀላሉ ዓይነት ነው የገጠማት። በዛ ላይ ያ ሃይላንድ ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር ባላስብ ይሻለኛል።

ከዛ ቀን ጀምሮ «በሙቀት ስንት ልጠጣ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ ሚዛን አለህ? ውሃ ያነሰውም ውሃ የበዛበትም ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። ከፊቱ ብቻ አይታችሁ አትለዩትም። እንዴት እንደሚለካና ከዛ እንዴት ፕላን እንደሚወጣ በተራ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን ድሬ ላይ ላባችሁን በዓይን መገመት እንደማይቻል

የድሬ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን 35 ዲግሪ አካባቢ ይገባል፣ ላብ ደግሞ ገና ከቆዳ ሲወጣ ይተናል። ለዛ ነው ብዙ ሰው «እኔ ብዙም አያልበኝም» ሚለው፣ ከዛ ቲሸርቱን አድርቆ ሲያየው ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ ተስሏል። ከሐረር ለውድድር ወይ ለዘመድ ጥየቃ ወርዶ ሚሮጥ ሰው ደግሞ የባሰ ይሳሳታል፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ፣ ያው አንድ ሰዓት መንገድ ነው ግን ሰውነትህ ሌላ አገር ነው የገባው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ሲለምድ የሚገርመው ላብ አይቀንስም፣ እንደውም ቶሎ ይጀምርና ይበዛል፣ ግን ጨዉ ይቀንሳል። ስለዚህ የድሬ ልጅ ብዙ ቀጭን ላብ ያልበዋል፣ የሐረሩ እንግዳ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጨዋማ ላብ። የአንዱ ፕላን ለሌላው አይሆንም።

አንደኛ፣ ላባችሁን መዝኑ

ዲጂታል ሚዛን ካለ በጣም ጥሩ። ከሌለ ያው መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ፣ ግን ያ ባለ መርፌው ሚዛን ግማሽ ኪሎ እንኳን በደንብ አይለይም፣ ስለዚህ በሱ ከተመዘናችሁ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ተኩል ሩጫ ላይ ይሁን፣ ደግሞ በፊትም በኋላም በዛው በአንዱ ሚዛን። ፋርማሲ ውስጥ ተመዝኖ ወጥቶ ሲመለስ የጎረቤት ሚዛን ላይ መውጣት ምንም አይነግራችሁም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሽንት ቤት ትገባላችሁ፣ ከዛ ልብስ አውልቃችሁ ወይ በአንድ ቁምጣ ብቻ ትመዘናላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ትሮጣላችሁ። መንገድ ላይ የጠጣችሁትን በትክክል ታውቃላችሁ (ለዛ ነው ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጥሩ ሚሆነው፣ መስፈሪያ ነው በነፃ)። ስትመለሱ ገላችሁን በፎጣ ታደርቁና፣ የራሰውን ልብስ አውልቃችሁ፣ ውሃ ከመጠጣታችሁ በፊት ትመዘናላችሁ። ራስ ላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ እንደጠጣችሁት አይቆጠርም፣ ግን ቲሸርቱ ከጠጣው ሚዛኑን ያታልላል፣ ለዛ ነው ማውለቁ ግዴታ የሆነው።

አንድ ኪሎ የቀነሰ ክብደት አንድ ሊትር ውሃ ነው በሉት፣ ለኛ ስራ በቂ ነው።

የኔን ላሳያችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ከከዚራ ተነሳሁ፣ 64.2 ኪሎ። 1 ሰዓት ከ15 ሲሆን ተመለስኩ፣ 75 ደቂቃ ማለት ነው፣ 62.9 ኪሎ። መንገድ ላይ አንድ ግማሽ ሊትር ጨርሻለሁ፣ ሽንት አልሸናሁም። የቀነስኩት 1.3 ኪሎ፣ የጠጣሁት 0.5፣ ሲደመር 1.8 ሊትር ላብ በ75 ደቂቃ። ለአንድ ሰዓት ስታካፍሉት 1.4 ሊትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ይሄ ከፍ ያለ ነው ግን ለሙቀት የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ባለው መሀል ይወድቃል። ያቺ ልጅ ስንሰራላት በሰዓት 0.6 አካባቢ ነው የወጣላት፣ ትንሽ ሰው ናት፣ ቀስ ብላ ነው ምትሮጠው። የኔን ግማሽ እንኳን አያልባትም፣ እሷ ግን ከኔ እጥፍ በላይ ጠጣች። አያችሁት ችግሩን?

አንዴ ለክታችሁ አትተዉት። ጠዋት 12 ሰዓት የሮጣችሁበት ቁጥር ለ10 ሰዓት ከሰዓት አይሰራም፣ የጥር ቁጥርም ለግንቦት አይሰራም። እኔ ሶስት ቁጥር አለኝ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ሞቃት ጠዋት፣ እና ወደ ደንገጎ ሽቅብ የሮጥኩበት ቀን።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ወደ ሃይላንድ ቀይሩት

የወጣውን በሙሉ መተካት ነው ብላችሁ እንዳትነሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስትሮጡ ሰውነት ያከማቸውን ስኳር ያቃጥላል፣ ከሱ ጋር የታሰረ ውሃም ይለቃል፣ ስለዚህ ትንሽ ቀንሶ መጨረስ ጤነኛ ነው። ከመነሻ ክብደታችሁ ሁለት በመቶ አካባቢ ቀንሶ መጨረስ ምንም አይደለም። ሶስት አካባቢ ሲደርስ ፍጥነት ይወርዳል፣ ልብ ከወትሮው በላይ ይመታል። ከዛ በላይ በሙቀት ላይ ባይሆን ይመረጣል። በሌላ በኩል ዜሮ ወይም ፕላስ ከመጣ በዝቷል ማለት ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

እኔ ሁለት ሰዓት ልሮጥ ካሰብኩ 2.9 ሊትር አካባቢ ያልበኛል። ምንም ካልጠጣሁ 4.5 በመቶ ነው የሚቀንሰው፣ ይሄ በድሬ ፀሀይ ቀልድ አይደለም። በሰዓት 600 ሚሊ ብጠጣ 1.2 ሊትር ይገባል፣ ሲቀነስ 1.7 ኪሎ ጎድሎ እጨርሳለሁ፣ 2.6 በመቶ። በቃኝ። «ለምን 1.4 ሊትር በሰዓት አትጠጣም?» ብትሉኝ፣ ሆዴ አይቀበለውም፣ ብዙ ሰው እየሮጠ ከአንድ ሊትር በላይ በሰዓት ሲጠጣ ውሃው ሆዱ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ነው ሚሄደው።

ስለዚህ ለኔ በየ20 ደቂቃው 200 ሚሊ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ከግማሹ ትንሽ ዝቅ የሚል። ለሷ ግን በሰዓት 300 ሚሊ አካባቢ በቂ ነው፣ ያውም ከጠማት። ከአንድ ሰዓት በታች ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ምንም ሳይጠጣ ቢወጣ ችግር የለውም፣ ጠዋት ሲነሳ አንድ ብርጭቆ፣ ሲመለስ ደግሞ እንደፈለገው።

ጥም ራሱ መጥፎ መለኪያ አይደለም። ድሮ «ከጠማህ ዘግይተሃል» ይባል ነበር፣ ሰዎችን ያለጥማቸው ያስጠጣው ይሄ አባባል ነው። ቀስ ብላችሁ ረጅም ሰዓት ምትሮጡ ከሆነ ጥማችሁን ስሙ። እንደኔ ብዙ ለሚያልበው ግን ጥም ብቻውን ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ በተለይ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ፣ ለዛ ነው ፕላን የያዝኩት። ፕላኑ ሆዴን ሲያስጨንቀኝ ግን ሆዴ ያሸንፋል፣ ሰዓት አይቼ ብዬ በግድ አላንቆረቁርም።

ውሃውን የት ታስቀምጡታላችሁ? ከዚራ ዛፉ ስር እየዞራችሁ ከሆነ ምታውቁት ሱቅ ጋ አስቀምጡት። ማታ ሃይላንዱን ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ፣ ጠዋት ቀሪውን ውሃ ትሞሉታላችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቀዘቅዛል (መብራት ካልሄደ ማለቴ ነው አቦ)። ቀዝቃዛ ውሃ ሆድን አያጮህም፣ በሙቀት ላይ እንደውም ይመረጣል።

ሶስተኛ፣ ጨዉስ?

ከላብ ጋር ሚወጣው ዋናው ኤሌክትሮላይት ሶዲየም ነው፣ ያው የገበታ ጨው ውስጥ ያለው። በአንድ ሊትር ላብ በአማካይ አንድ ግራም አካባቢ ሶዲየም ይወጣል፣ ግን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፣ አንዱ 200 ሚሊግራም ሌላው 2 ግራም። ቤት ውስጥ መለካት አይቻልም፣ ግን ቲሸርታችሁ ሁሌ ነጭ ካርታ የሚስል ከሆነ፣ ላብ ዓይናችሁ ሲገባ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጨዋማ ናችሁ በሉ።

ሙዝ ሚባለው ነገር ላይ ልቆይ። ሁሉም ሯጭ «ሙዝ ብላ፣ ፖታሺየም ነው» ይላል። ሙዝ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ እኔም እበላለሁ፣ ግን ላብ ውስጥ ፖታሺየም ትንሽ ነው የሚወጣው፣ ሙዝ ውስጥ ደግሞ ሶዲየም የለም ማለት ይቻላል። የወጣባችሁን ጨው ሙዝ አይመልስም። እንደዚሁ «የድሬ ውሃ ራሱ ጨው አለው» ሚሉም አሉ፣ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጋገረውን እያዩ። እሱ ካልሺየም ነው፣ ሌላ ነገር። ጨው አልጨመረላችሁም።

ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ ሩጫ ተራ ውሃ በቂ ነው፣ ምሳችሁ ላይ ያለው ጨው ይበቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን እኔ ቤት ሰርቼ ነው ምይዘው፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ማንኪያዎቹ አፋቸው ላይ በቢላ ተጠርገው ልክ ይሁኑ፣ ክምር አይደለም፣ ክምር ካረጋችሁት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሩብ ማንኪያው ወደ 600 ሚሊግራም ሶዲየም ይሰጣችኋል፣ ስኳሩ ወደ 50 ግራም ነው። ቅመሱት፣ ከእንባ በላይ ጨው ካለው ድፉትና እንደገና ስሩ።

ኦአርኤስስ? ሰው ሁሉ ከፋርማሲ ገዝቶ ይይዛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የተሰራው ለተቅማጥ ነው፣ ጨዉ ከኔ አሰራር ሶስት እጥፍ ገደማ ነው (በሊትር 1.7 ግራም ሶዲየም)፣ ስኳሩ ደግሞ 13.5 ግራም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለጉልበት ብዙ አይጠቅምም። ብዙ ላብ ካለባችሁ ሩጫ በኋላ ግን ተስማሚ ነው። ትልቁ ስህተት ምን መሰላችሁ፣ አንዱን ፓኬት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መክተት! ፓኬቱ ለአንድ ሊትር ነው። በግማሽ ሊትር ሲሆን እጥፍ ይወፍራል፣ ሆድ ያገላብጣል፣ እንደውም ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ጨው ከመጨመሩ በፊት ሀኪሙን ያናግር።

አሁን በጣም የሚሳቱት ነጥብ። «ጨው ያለው መጠጥ ከያዝኩ የፈለኩትን ያህል ብጠጣ ምንም አልሆንም» የሚል አለ። አይደለም። ደማችሁ ውስጥ በሊትር ከ3 ግራም በላይ ሶዲየም አለ፣ መጠጣችሁ ውስጥ 0.6 ግራም። ስለዚህ ከላባችሁ በላይ ከጠጣችሁ ጨው ያለውም መጠጥ ደማችሁን ያቀጥነዋል፣ ከተራ ውሃ ትንሽ ቀስ ብሎ ብቻ። ውሃ ሲበዛ የሚያድነው ጨው መጨመር ሳይሆን መጠጣት ማቆም ነው።

አራተኛ፣ ሲያንስና ሲበዛ፣ እንዴት ትለያላችሁ

ሲያንስ ምን ይሆናል፦ ጥም አለ፣ ምራቅ ይወፍራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ለተለመደው ፍጥነት ልብ ከወትሮው በላይ ይሮጣል፣ ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ ይዞራችኋል፣ ሽንት ይቀንሳል ይጠቁራል። ሚዛን ላይ ከሶስት በመቶ በላይ ቀንሳችኋል። ጥላ ገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ብትጠጡ በአብዛኛው ይስተካከላል።

ሲበዛ፦ ሆድ ይነፋል ይንቦጫረቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያማል፣ ጣት ያብጣል፣ ቀለበት ወይም የሰዓት ማሰሪያ ይጠብቃል፣ ጥም የለም። ሚዛን ላይ አልቀነሳችሁም ወይም ጨምራችኋል። ከፍ ሲል ማስታወክ፣ መወላገድ፣ ግራ መጋባት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት። ይሄ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ አንጎል ውሃ ሲስብ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ሁለቱ ላይ ሚደጋገመው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው፣ ስለዚህ እነሱን ተዉና ሶስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ጠጥቷል? ይጠማዋል ወይ? ሚዛኑ ምን ይላል? ሽንት ላይ ደግሞ ብዙ አትመኩ። ለጠዋት ጥሩ ነው፣ ስትነሱ የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ ከመሰለ ደህና ናችሁ። ግን ረጅም ሩጫ መጨረሻ ላይ ሰውነት ውሃ የሚይዝበት ሆርሞን ከፍ ስለሚል ውሃ የበዛበት ሰውም ትንሽና ጠቆር ያለ ሽንት ሊሸና ይችላል፣ እሱን አይቶ «ደርቄያለሁ» ብሎ ይጨምርበታል። (ሽንት ኮካ ከመሰለ ግን የውሃ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሂዱ።)

ይሄ የኛ ሰፈር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2002 የቦስተን ማራቶን ላይ የ488 ሯጮች ደም ተመርምሮ 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው፣ ከሁሉም በላይ ከዚህ ጋር የተያያዘው ሩጫው ላይ ክብደት መጨመር ነበር። ከአራት ሰዓት በላይ የወሰደባቸውም ላይ በዝቷል። ፈጣኖቹ ለመጠጣት ጊዜም የላቸው፣ አደጋው ያለው ቀስ ብሎ በየጣቢያው እየቆመ ሚጠጣው ጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሩጫ በፊት ለጉልበት ህመም ብላችሁ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትዋጡ። ኩላሊት ውሃ እንዳያወጣ ያግዳሉ፣ በሙቀት ላይ ደግሞ ኩላሊቱን ራሱ ይጎዳሉ። ማታ በርጫ ላይ ያመሸ ሰው ጠዋት ረጅም ሩጫ ባይወጣ ይሻላል፣ ጫት ልብ ያስሮጣል፣ የሰውነት ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ እራትም ስላላስበላው ጨዉም ስኳሩም ጎድሎ ነው ሚነሳው።

አምስተኛ፣ ነገሩ ከተበላሸ

ውሃ በዝቶበት ግን አእምሮው ልክ የሆነ ሰው፣ ምንም አይጠጣ፣ ሽንቱ እስኪመጣ ድረስ ጨው ያለው ነገር ይብላ፣ ብቻውን አይተው፣ ወደ ቤቱ ባጃጅ አሳፍራችሁ አትላኩት። ካስታወከ ወይም ነገር ከቀላቀለ ቀጥታ ሆስፒታል።

ስትደርሱ ምትናገሩት ነገር አለ። እዚህ አገር የደከመ ሰው ሲመጣ ግሉኮስ መሰካት የተለመደ ነው፣ ቤተሰብም «ግሉኮስ ይሰካለት» ብሎ ይጠይቃል። ሶዲየሙ ለወረደ ሰው ግሉኮስ ማለት ስኳሩ ተቃጥሎ ሲያልቅ ንፁህ ውሃ እንደመጨመር ነው፣ ያብሰዋል። ስለዚህ በትህትና «ረጅም ሩጦ ነው፣ ይሄን ያህል ሊትር ጠጥቷል፣ ከሩጫው በፊት ይሄን ያህል ይመዝን ነበር፣ እባካችሁ ሶዲየሙን ለኩልን» በሉ። ከባድ ከሆነ መድሃኒቱ 3 በመቶ የሆነ የጨው ፈሳሽ ነው፣ እሱን ሀኪሙ ያውቀዋል።

ግራ የተጋባው ሰው ገላው በጣም የሚያቃጥል ከሆነ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፣ እያላበውም ቢሆን። ይሄ ሰዓት አይሰጥም፣ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ከዛ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ጥላ፣ ልብስ ማውለቅ፣ ገንዳ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከሌለ አንሶላ በበረዶ ውሃ እየነከሩ መጠቅለልና ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ በካርቶን ማራገብ። ግራ ለተጋባ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፣ ያንቀዋል።

ከሩጫ በኋላ

በነጋታው ብቻ ምትሮጡ ከሆነ ጥማችሁንና ምሳችሁን ተከተሉ፣ ፉል ከዳቦ ጋር፣ ወጥ በእንጀራ፣ ውስጡ ያለው ጨው ውሃውን ይይዝላችኋል። በዛው ቀን ማታ ደግማችሁ ምትወጡ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ የጎደለ ኪሎ ከአንድ ሊትር ትንሽ ከፍ አርጋችሁ፣ እስከ አንድ ሊትር ተኩል፣ በሶስት አራት ሰዓት ውስጥ ከምግብ ጋር ጠጡ። እኔ ያን ቀን 1.3 ኪሎ ለቀነስኩት ወደ 1.8 ሊትር እስከ 5 ሰዓት ድረስ ቀስ አርጌ ጨረስኩ። በአንዴ ብትገለብጡት ግማሹን ሽንት ቤት ነው ምትወስዱት።

ያቺ ልጅ አሁንም ትሮጣለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ 21 ኪሎ ሜትር ደገመችው፣ አንድ ሊትር ብቻ ይዛ፣ ሩብ ማንኪያ ጨው ያለበት፣ ሲጠማት ብቻ እየጠጣች። ጠዋት 52.1 ወጣች፣ 51.3 ገባች።